በረኪናው ነጩን ጋውን ለምን ቢጫ አደረገው?

ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ጅማ እንደ ልማዷ ሌሊቱን ስታካፋ አድራለች። አንድ የጤና ተማሪ ፌስታል አንጠልጥሎ ላውንደሪዬ በር ላይ ቆመ። ፌስታሉ ውስጥ እርጥብ ጋውን አለ። የበረኪናው ሽታ ገና ሳይፈታ አፍንጫ ይሰነፍጣል።

«እትዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ በበረኪና ዘፍዝፌው ነበር። ጠዋት ሳወጣው ጭራሽ ብሶበታል» አለኝ።

«ምን ያህል በረኪና አደረግክበት?»

«ግማሽ ሊትር ይሆናል።»

«በስንት ውሃ?»

«ልብሱ እስኪሸፈን።»

ዘርግቼ አየሁት። ኮሌታው እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኗል። ጀርባው በሙሉ ክሬም መስሏል። ታች ጠርዙ ላይ ደግሞ የጭቃ ፍንጣሪ ነጠብጣቦች ነበሩ፤ እነሱ ቡናማ ሆነው ተቀምጠዋል። በረኪናው ጋውኑን አላነጣውም። አራት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ሌሊት አጋልጦ፣ አንዳንዶቹንም አባብሶ ነው የተወው።

ብዙ ሰው ነጭ ልብስ ሲወይብበት «ምን ላድርግበት?» ይላል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ «ምን ነካው?» እላለሁ። በረኪና፣ የኦክስጅን ዱቄትና ፀሐይ ሦስቱም ነጭ ያደርጋሉ ይባላል፤ እውነትም ነው። ግን ሦስቱም የሚያጠፉት ቀለም ያለውን እድፍ ብቻ ነው፣ እሱንም ሁሉንም አይደለም። ጋውኑን ይዤ አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ከጭቃው ልጀምር። የጅማ አፈር ቀይ ነው። ቀይ ያደረገው ውስጡ ያለው ብረት ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ነው። በቀላሉ እንናገረው ከተባለ፣ ቀይ ጭቃ የዝገት ዘመድ ነው። በረኪና እድፍን የሚያጠፋው ኦክስጅን እየሰጠ፣ ቀለሙን የያዘውን ነገር እየሰበረ ነው። ዝገት ግን ኦክስጅኑን ጠግቦ የጨረሰ ነገር ነው፤ በረኪና የሚጨምርለት የለም። እንዲያውም በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረ ትንሽ ብረት ካለ፣ በረኪናው ወደ ዝገት ይለውጠውና ክሩ ላይ ያስቀምጠዋል። ቡናማዎቹ ነጠብጣቦች ከመጥፋት ይልቅ የደመቁት ለዚህ ነው። የዛገ ሽቦ ላይ የተሰጣ አንሶላ መሐሉ ላይ የሚያወጣው መስመርም ከዚሁ ወገን ነው።

ኮሌታው ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ያለው ላብ፣ የሰውነት ወዝና ዶድራንት ነው። ወዝ መጀመሪያ አይታይም። ሳይለቅ ሲቆይ ግን እንደ አሮጌ ዘይት ቢጫ ይሆናል። ላብ ያለበትን ጨርቅ ሳያጥቡ በረኪና ውስጥ ከነከሩት፣ ቢጫው መልቀቁ ቀርቶ ሊጠነክር ይችላል። ስለዚህ በረኪና የሚገባው ልብሱ በሳሙና ታጥቦ ወዙ ከለቀቀ በኋላ ነው። ብዙዎቻችን ተገላቢጦሹን እናደርገዋለን፤ ቆሻሻውን ከነወዙ በረኪና ውስጥ ነክረን «ያላቅቀዋል» ብለን እንተኛለን።

ጀርባው ክሬም መምሰሉ ግን ቆሻሻ አይደለም። ይህን ለሰው ማስረዳት ሁሌ ይከብደኛል። ጥጥ በተፈጥሮው ትንሽ ክሬም ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ የሚያብረቀርቀው፣ ዓይን የማያየውን የፀሐይ ጨረር ውጦ ወደ ሰማያዊ ብርሃን የሚመልስ ንጥረ ነገር ስለሚቀባ ነው። ቢጫው ላይ ትንሽ ሰማያዊ ብርሃን ሲጨመር ዓይናችን «ነጭ» ይለዋል። ጭፈራ ቤት ያ ወይን ጠጅ መብራት ሲበራ ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሰው እንደ አምፖል ሲያበራ አይታችሁ ይሆናል። እሱ ነው። አብዛኛው ኦሞም (እኛ ማንኛውንም ዱቄት ሳሙና ኦሞ ነው የምንለው) ይህንኑ ይዟል። በረኪና ደግሞ ይህን አብሪ ንጥረ ነገር ይበላዋል። የልጁ ጋውን ጀርባው ላይ አልቆሸሸም፤ መብራቱ ጠፋበት እንጂ።

አራተኛው ጨርቁ ራሱ ነው። ጋውኑ ንጹህ ጥጥ አልነበረም፤ ቴትሮን የተቀላቀለበት ነው። እንዲህ ያሉ ጨርቆች ብዙ ጊዜ እንዳይጨማደዱ የሚያደርግ ነገር ይቀቡና ነው የሚሸጡት። ይህ ቅባት ክሎሪኑን ይዞ ያስቀራል፤ የያዘው ክሎሪን ደግሞ ጨርቁን ያወይበዋል። መተኮሻ ሲያርፍበት ይብሳል።

በረኪናን አትንኩ እያልኩ አይደለም። ስሙ ከጣልያንኛ የመጣው ይህ ፈሳሽ ቦታው ላይ ሲውል የሚተካው የለም። የፔንሲዮን አንሶላ፣ የወጥ ቤት ፎጣ፣ የታመመ ሰው የተኛበት ነጭ ጥጥ፣ ሻጋታ ጥቁር ነጥብ የጣለበት ልብስ፤ እነዚህን የማጥበው በበረኪና ነው። በተለይ ሻጋታን ነጥቡን እያነጣ ተህዋሱንም ይገድላል። በጅማ ክረምት ሦስት ቀን ጓዳ ውስጥ ሳይደርቅ የከረመ ልብስ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ።

ልኩ እንዲህ ነው። ለ5 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አንድ የቡና ስኒ በረኪና። መጀመሪያ ውሃው፣ ከዚያ በረኪናው፣ በመጨረሻ በሳሙና ታጥቦ የተለቃለቀው ልብስ። 5 ደቂቃ፣ ቢበዛ 10። ከዚያ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ። በረኪና ሥራውን የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ከዚያ በኋላ እድፉን ጨርሶ ክሩን መብላት ይጀምራል። ሙቅ ውሃ ደግሞ ያጣድፈዋል፤ ያን ጊዜ በረኪናው ራሱም ይባክናል፣ ክሩም ይጎዳል።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንድ ማደሪያ ቤት 12 አንሶላ ሰጠኝ። አንዱ ላይ የቡና እድፍ ነበር፣ ትልቅ። በረኪናውን ሳላቀጥን በቀጥታ አፈሰስኩበት። ቡናው ዓይኔ እያየ ጠፋ። ደስ አለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንሶላው ተመልሶ ሲመጣ እዚያው ቦታ ላይ ጣቴን ገፋ ሳደርግ ቀዳዳ ሆነ። እድፉን ያጠፋው በረኪና ጥጡንም አብሮ አድክሞት ነበር። የአንሶላውን ዋጋ ከፈልኩ።

ሱፍ፣ ሐርና ላስቲክ ያለው ልብስ ላይ በረኪና ፈጽሞ መድረስ የለበትም። ነጠላም እንደዚያው። ነጠላው ጥጥ ቢሆንም ክሩ በእጅ የተፈተለና የላላ ነው፤ ጥለቱን ደግሞ ዘልሎ የሚያልፍ በረኪና የለም።

አንድ ነገር ደግሞ በደንብ ስሙኝ። በረኪናን ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አታገናኙ። የሚወጣው ጋዝ ክሎሪን ነው፣ ሳንባ ይጎዳል። ሽንትም ውስጡ ወደ አሞኒያ የሚለወጥ ነገር ስላለው፣ የሕጻን ጨርቅ ከነሽንቱ በረኪና ውስጥ ሲነከር ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። ጨርቁን መጀመሪያ በውሃ አለቅልቁት። በረኪናን በሃይላንድ ጠርሙስ ገልብጦ ማስቀመጥም ይቅር፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

አሁን ወደ ኦክስጅን ዱቄቱ እንሂድ። ሱቅ ውስጥ «እድፍ ማስለቀቂያ» እየተባለ ይሸጣል። ካርቶኑ ላይ ሶዲየም ፐርካርቦኔት የሚል ካገኛችሁ እሱ ነው። ውሃ ሲነካው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፣ ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው ዓይነት። ሌላው የልብስ ሶዳ ነው። ፐርኦክሳይዱ እድፉን ይሰብራል፤ ሶዳው ደግሞ ወዙን ያላቅቃል፣ ፐርኦክሳይዱንም ያነቃዋል። ለኮሌታ፣ ለብብት፣ ለቡናና ለሻይ ከበረኪና የምመርጠው ለዚህ ነው። የልብሱን መብራት አያጠፋም፣ ቴትሮኑን አያወይብም፣ ጥለት ላይም እንደ በረኪና አይጨክንም። ሱፍና ሐር ላይ ግን እሱም አይሆንም።

ጉድለቱ ሰነፍ መሆኑ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብትጨምሩት ተኝቶ ነው የሚውለው። «ገዛሁት፣ አልሠራም» የሚሉኝ ሰዎች ሁሉም ማለት ይቻላል ከቧንቧ በወረደ ውሃ ነው የሞከሩት። ከ40 እስከ 60 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል። ቴርሞሜትር አያስፈልግም። ሁለት ሊትር ተኩል የፈላ ውሃ ከሁለት ሊትር ተኩል የቧንቧ ውሃ ጋር ቀላቅሉ፤ 55 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። እጃችሁን ከተታችሁ ወዲያው የምታወጡት ዓይነት ሙቀት ነው። እዚያ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በትኑና አማስሉ። ጥቃቅን አረፋ እየተንሰፈሰፈ መውጣት አለበት። አረፋ ከሌለ ዱቄቱ እርጥበት ገብቶት ሞቷል ማለት ነው፤ በጅማ እርጥበት ክዳኑ ያልተገጠመ ካርቶን ብዙ አይቆይም።

ልብሱን አስገብታችሁ ሳፋውን በሌላ ሳፋ ክደኑት፣ ሙቀቱ እንዳያመልጥ። ከ2 እስከ 6 ሰዓት ይቆይ። ከዚያ በኋላ ኃይሉ አልቋል፤ ማሳደሩ ልብሱን ከማርጠብ በቀር ምንም አይጨምርም። የተበጠበጠውን ውሃ ለነገ ብላችሁ ጠርሙስ ውስጥ አትድፈኑ። ጋዝ እያወጣ ስለሚሄድ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል።

ዱቄቱ ከጠፋ ወይም ከተወደደ የፋርማሲው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አለ። የ3 ፐርሰንቱ 300 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ለዚሁ 5 ሊትር ሙቅ ውሃ። ብቻውን ግን ደካማ ነው። ኦሞ ጨምሩበት፣ ያነቃዋል። ከበረኪና ጋር ደግሞ አትቀላቅሉት። ሁለቱ እርስ በርስ ተጣልተው ኦክስጅናቸውን ወደ አየር ይለቁታል፤ ልብሱም ከሁለቱም አያተርፍም።

አንድ የተደበቀ ነገር አለ። ዝገት ያለበትን ጨርቅ ኦክስጅን ዱቄት ውስጥ አትንከሩ። ብረቱ ፐርኦክሳይዱን እዚያው ቦታ ላይ ያፋጥነውና ክሩ በዚያች ነጥብ ብቻ ይበሰብሳል። ልብሱ ደህና ሆኖ ይወጣል፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ ዝገቱ በነበረበት ልክ ቀዳዳ ታገኛላችሁ። ዝገት ቀድሞ ነው የሚወጣው፣ መድኃኒቱም ሎሚ ነው። የሎሚው አሲድ ብረቱን ይዞ ያሟሟዋል።

የጋውኑ ቅደም ተከተል ከዚህ ወጣ። ሎሚ ቢያስፈልገውም ወዲያው ሎሚ አልነካሁበትም፤ ልብሱ በበረኪና የራሰ ነበራ። አራት ጊዜ አለቀለቅኩት፣ በሳሙና አጠብኩት፣ እንደገና አለቀለቅኩት። አሽትቼ የበረኪና ሽታ ፈጽሞ ሲጠፋ ነው ሎሚውን የቆረጥኩት። ጭቃው ያረፈባቸውን ነጠብጣቦች በሎሚ ጭማቂና በጨው አሽቼ ግማሽ ሰዓት ተውኳቸው። ሁለት ጊዜ ደገምኩ። ከዚያ በደንብ አለቅልቄ ኦክስጅን ዱቄቱ ውስጥ አራት ሰዓት ዘፈዘፍኩት። ሳወጣው ውሃው ሻይ መስሎ ነበር። ውሃውን እንዲያ ያደረገው ኮሌታው ላይ የነበረው ነው።

ጭቃው ገና ትኩስ ሳለ ቢመጣልኝ ግን ሎሚውም አያስፈልገኝም ነበር። ትኩስ ጭቃ አይታሽም። ይድረቅ፣ በደረቅ ብሩሽ ይራገፍ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። እርጥቡን ስታሹት ደቃቁን አፈር ክሩ ውስጥ ነው የምትጠቀጥቁት።

አሁን የቀረችን ፀሐይ ናት። ፀሐይ ማድረቂያ ብቻ አይደለችም፣ ራሷ ታነጣለች። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነው፤ ከምድር ወገብም ብዙ አንርቅም። ስለዚህ ጨረሩ ጠንካራ ነው። ግን ጨረሩ ደህና አድርጎ የሚያነጣው እርጥብ ጨርቅን ነው። እናቴ ነጠላ ሳር ላይ አስጥታ ሲደርቅ በእጇ ውሃ ታርከፈክፍበት ነበር። እኔ ልጅ ሆኜ ማድረቅ ካሰበች ለምን ታረጥበዋለች እያልኩ እገረም ነበር። እሷ ግን ማድረቅ አልነበረም ያሰበችው።

ፀሐይ የምትበረታው በወጥ እድፍ ላይ ነው። የበርበሬ ቅላትና የእርድ ቢጫ ብርሃን አይችሉም። እርድ ደግሞ አስደንጋጭ ጠባይ አለው። አልጫ የፈሰሰበትን ነጭ ሸሚዝ በሳሙና ስታሹት ቢጫው ድንገት ወደ ደም ቀይ ይለወጣል። አትደንግጡ፣ በረኪና ፍለጋም አትሩጡ። ሳሙናው ነው ቀለሙን የለወጠው፤ ስታለቀልቁት ወደ ቢጫ ይመለሳል። ዘይቱን በሳሙና ካስለቀቃችሁ በኋላ እርጥቡን ፀሐይ ላይ አውሉት። አንድ ቀን፣ ካልሆነ ሁለት ቀን፣ እርዱ እልም ብሎ ይጠፋል። ለኮሌታ ወዝ ግን ፀሐይ ምንም አታደርግም። ሳሙናው ያልለቀቀ ልብስ ላይ ደግሞ ትብሳለች፤ የቀረው ሳሙና ሲሞቅና ሲቆይ ራሱ ይወይባል። የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃ አረፋ ከያዘ ወይም ጨርቁ ጣት ላይ ከሟለጨ አንድ ጊዜ ይቀረዋል ማለት ነው።

ፀሐይ አብሪውን ንጥረ ነገርም ቀስ በቀስ ታጠፋለች፣ ከወር እስከ ወር። ጥለትም ታደበዝዛለች። ስለዚህ ነጠላ ሲሰጣ ጥለቱን ወደ ውስጥ አጥፉት። ሱፍና ሐር ጥላ ይሻላቸዋል፤ ፀሐይ ቢጫ ታደርጋቸዋለች።

ችግሩ እኛ አገር ፀሐይ በቀጠሮ አትመጣም። ክረምት ላይ ጠዋት ብቅ ካለች ከሰዓት ዝናብ ነው። እኔ ከሰኔ እስከ መስከረም ማታ ዘፍዝፌ ማለዳ አጥባለሁ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ልብሱ ገመድ ላይ መሆን አለበት። ገመዱ የናይለን ነው። የነበረውን ሽቦ ግቢውን ተከራይቼ ስገባ ነቅዬ ጥያለሁ። ፀሐይ ካልወጣች ነፋስ የሚያገኝበት በረንዳ ላይ አራርቄ እሰቅላለሁ እንጂ ክምር አድርጌ አላሳድርም። የሻገተ ነጭ ልብስ መልሶ ወደ በረኪና ነው የሚወስዳችሁ።

ልጁ በሦስተኛው ቀን መጣ። ኮሌታው ነጥቷል። የጭቃው ነጠብጣቦች ሁለቱ ጠፍተዋል፣ አንዷ አጠገቡ ካልቀረቡ የማትታይ ጥላ ሆናለች። ጀርባውን ግን ዞር አድርጌ አሳየሁት፤ ያ ክሬምነት አሁንም አለ። «በኦሞ ደጋግመህ ስታጥበው ጥጡ ትንሽ ይመለሳል፣ ቴትሮኑ ግን አይመለስም» አልኩት።

ጋውኑን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መስታወት ውስጥ ዞር ዞር እያለ አየ። «ዋርድ ውስጥ ማን ጀርባዬን ያየኛል እትዬ?» አለና የተቀረችውን በረኪና በጠርሙሷ ከቦርሳው አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ።